አቤት የማይባልበት ጨዋታ

እናቴ ስትጠራ አቤት አትልም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ከጓዳ ብትጠሯት፣ ከደጅ ቆማችሁ ጉሮሯችሁ እስኪሰነጠቅ ብትጮኹ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጆሮዋ ደግሞ ከእኔ ይሻላል። መርፌ ከእጄ ሲወድቅ «በግራሽ በኩል ነው» የምትለኝ እሷ ናት። ግን ስሟን አንስታችሁ ወይም «እማዬ!» ብላችሁ ከጠራችኋት ጭጭ ትላለች። ሄዳችሁ ፊቷ ካልቆማችሁ መልስ የለም።

በልጅነቴ በዚህ ነገር ያልተጣላንበት ቀን የለም። አንድ ቀን ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ፣ ደሜን እያዘራሁ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠራኋት። ውስጥ ነበረች፤ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። ስጠራት የሳህኑም ድምፅ ቆመ። አቤት የለም፣ ወዬ የለም። እየተንፏቀቅኩ ገብቼ ባገኛት ማድጋው ጥግ ተሸጉጣ ቆማለች። «ምነው ገብተሽ አትነግሪኝም?» ብላ ተቆጣችኝ እንጂ! ያን ቀን ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው አልኩ። ሰዉም ግትር ይላታል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋውም እዚያው የምንኖርበት ቤት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከእኛ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። ቤቱ የሦስት ሴቶች ነው፤ የእናቴ፣ የእኔና የልጄ። ልጄን ቁንጫ ነው የምንላት፤ አንድ ቦታ አትቀመጥማ። አስም አለባት። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ከቦርሳዋ አይለይም፤ አቧራ ከነካት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። በዚያ ላይ ግትርነቱን ከአያቷ ወርሳለች። መቼም ከእኔ አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ የጥያቄ ጨዋታ ጀመርን» አለችኝ።

«ጥያቄ ደግሞ መቼ አንሶሽ ያውቃል?»

«የቲቸር ነው። እያንዳንዳችን አንድ ትልቅ ሰው መርጠን በልጅነቱ የተጫወተውን ጨዋታ እንጠይቃለን። ከዚያ ለክፍሉ እናስተምራለን። ያስተማርሽውን ልጆቹ ያለ አንቺ እርዳታ ከተጫወቱት አለፍሽ። ‹ቆይ፣ አሁን ምንድነው የምናደርገው?› ብለው ከጠየቁሽ ግን ገና አላስተማርሽም ማለት ነው፤ ተመልሰሽ አዛውንትሽን ትጠይቂያለሽ።»

እኔ ጥሩ ነገር መሰለኝ፤ የባሰ አታምጣ የሚባለው ለካ በጥሩም ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተለማምደዋል። አንዱ እንደ ሽማግሌ እያሳለ፣ ሌላው ጠያቂ ሆኖ። «ሰኞ ማክሰኞ ተጫውተዋል?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ሽማግሌው አዎ ይልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። «እኔን ሲያክሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ነው የሚባለው። ከዚያ ቀጥሎ፦ ስንት ሆናችሁ? የት? ምን ያስፈልጋል? እንዴት ይጀመራል? ምን ይባላል? ማን ይወጣል? ማን ያሸንፋል? በምን ትጣሉ ነበር? ይሄ የመጨረሻው የጨዋታውን ሕግ ሁሉ ያወጣዋል ብላለች መምህሯ፤ ሰው የሚጣላው ሕግ ባለበት ነው። ሽማግሌው ዝም ካለ ጠያቂውም ዝም ይላል፤ ቃል አያቀብለውም። ሲያበቃ የሰሙትን መልሰው ይነግሩታል፤ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» እስኪል ድረስ። ከዚያ አብረውት ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ «ላስተምረው?» ብለው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሕጉን ከራስ ጨምሮ ማሳመር ክልክል ነው፤ እንደተነገረው ነው የሚተላለፈው።

ቁንጫ አያቷን መረጠች። ሌላ ማን አላት?

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። በወትሮው አንቺ የምትላትን አያቷን በትሕትና ጎንበስ ብላ «እርስዎ እኔን ሲያክሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ብትላት፣ እናቴ «ደግሞ እርስዎ! ማንን ልትቀብሪ ነው?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ቅልብልቦሽ አሳየቻት። መጀመሪያ ከእኔ የልብስ ቁልፎች አምስት ወስደው ነበር፤ ቀለሉና አልሆን አሉ። ከደጅ ጠጠር ለቀሙ። አንዷን ወደ ላይ ወርውረሽ፣ እሷ ሳትወርድ ከመሬት አንድ ታነሺና የወረወርሻትን ትቀልቢያለሽ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ ከዚያ አራቱን ባንዴ አፍሰሽ። ሌላ ጠጠር ከነካሽ ተራሽ ያልፋል። እናቴ እጇ ያበጠ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ናት፤ ጠጠሯ ግን ወደ ላይ ስትወጣ ዓይኗን እንኳን አላነሳችም። እኔ ስፌቴን ትቼ አየኋት። እናቴ ልጅ ሆና ታውቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሲያዩዋት ከነሻሿ የተወለደች ነው የምትመስለው።

በማግስቱ ቁንጫ አኩርፋ መጣች። ቅልብልቦሽ በሌላ ልጅ ተይዟል። ሰኞ ማክሰኞም ተይዟል፤ ብይም፣ አባሮሽም። «ሁሉም ያው ነው የሚያመጡት! ማንም ያላመጣው ነው የምፈልገው» ብላ አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማማ፣ ማንም የማያውቀው ጨዋታ የለዎትም?»

እናቴ ዝም አለች። ልጅቷም እንደተማረችው ዝም አለች። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር፤ ወሬያቸውን በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። ዝምታው ግን ረዘመና ሙሉ ጆሮዬን ሰጠሁት።

«አንድ አለ» አለች እናቴ። «አቤት የማይባልበት።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት?»

«ሁለት። እኔና ወንድሜ።»

የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረው እግሬ ቆመ። ወንድም? እናቴ ወንድም የላትም። አንድያ ልጅ ነበርኩ ነው ያለችኝ፤ እናትና አባቷም በሕመም እንደሞቱ። እኔ አጎት ብዬ የምጠራው ሰው ባይኖረኝ በጎረቤት ልጆች ስቀና ነው ያደግኩት።

«ማን ነው ያስተማራችሁ?»

«እናቴ። ሰዎች ይመጡ ነበር፤ መሣሪያ የያዙ። ሲመጡ እኛ ከእህል ጎተራው ኋላ እንደበቃለን። ደጅ ሆነው ይጠራሉ። ስማችንን ከጎረቤት ሰምተውታል፤ በስማችን ይጠሩናል። ‹ና ከረሜላ እንስጥህ› ይላሉ፤ ‹እናትሽ ታማለች ነይ› ይላሉ። ማንም ቢጠራሽ፣ በማንም ድምፅ ቢጠራሽ አቤት አትይም። ጨዋታው እሱ ነው።»

«መቼ ነው የሚወጣው ታዲያ?»

«ቃል አለ። እናት በጆሮሽ ትነግርሻለች። እሱን ስትል ትወጫለሽ።»

«በምን ትጣሉ ነበር?»

«በሳቅ። ወንድሜ ትንሽ ነበር፤ ይስቅብኛል። አፉን እይዘዋለሁ፤ ይነክሰኛል።»

«ማን ያሸንፋል?»

«አቤት ያላለ።»

«እርስዎ አሸንፈው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ» አለች እናቴ። ጠጠሮቹን በመዳፏ ይዛቸው ነበር። «ወንድሜ ወጣ።»

«ማን ጠርቶት?»

«እናታችን።»

«ቃሉን ብላ?»

«የለም። በስማችን ነው የጠራችን። ‹ኑ ልጆቼ፣ ውጡ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው› አለች።»

ቁንጫ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እንዴ! ይሄማ ማጭበርበር ነው! ቃሉን ሳትል?»

«አላጭበረበረችም» አለች እናቴ። «ይዘው ነው ያስጠሯት። ቃሉን ያላለችው እኮ እንዳንወጣ ብላ ነው። እኔ ገብቶኛል። ወንድሜ ግን የእናቱ ድምፅ ነው፤ ‹አቤት!› ብሎ ሮጠ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ደግማ ደጋግማ ስሜን ጠራች። አቤት አላልኳትም።»

ልጄ ልጅ ናት። «ስለዚህ አሸነፉ!» አለች።

«አዎ» አለች እናቴ፤ «አሸነፍኩ።»

እኔ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ማድጋው ጥግ ቆምኩ፤ እናቴ በልጅነቴ ቆማ ያገኘኋት ቦታ።  ያን ጉልበቴ የተላጠ ቀን ከበሩ ላይ «እማዬ! እማዬ!» ስል የሰማችው ምን እንደነበር ገባኝ። ስንት ዓመት ድንጋይ ስላት ኖሬያለሁ! ግን ወጥቼ እግሯ ላይ እንደመውደቅ ምን አደረግኩ? ተቆጣሁ። እኔ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁ፤ አፈጣጠሬ ነው።

«በቃ! ይሄ ጨዋታ አይደለም!» ብዬ ወጣሁ። «አንቺም አታስተምሪውም፤ ሌላ ፈልጊ። ገመድ ዝላይ አስተምሪ!»

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች። «አንቺ አይደለሽም እኮ አዛውንቷ። ፈቃድ የምትሰጠው እሷ ናት።» ወደ አያቷ ዞረች። «ላስተምረው?»

«አስተምሪያቸው» አለች እናቴ። እኔን ነበር የምታየው። «ይጠቅማቸዋል።»

ያን ቀን ማታ አብረው ተጫወቱት፤ ሕጉ ነዋ። እናቴ ልጅቷን ጎትታ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። «ይሄ የአንቺ ነው። ለማንም አይነገርም፤ ለእናትሽም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቃል አይቀየርም» ስትላት ሰማሁ። እኔ እራት እያቀረብኩ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ አጉረመረምኩ።  ስለ ወንድሟ ልጠይቃት ብዬ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ የእሷው ልጅ ነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ለዩኒፎርሙ ቀሚስ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የቁንጫ መምህር ናት። ድምጿ ልክ አልነበረም። «ልጅዎ ቤት መጥታለች?» አለችኝ።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በሁለት መታጠፊያ ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ነጠላ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ልጆቹ ተለቅቀው ግቢው ባዶ ሆኗል። መምህሯ ወጣት ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ዘበኛው ባትሪ ይዞ ከክፍል ክፍል ይሮጣል።

«በሥርዓት ነው ያስተማረችው» አለችኝ መምህሯ እየተንተባተበች። «መጀመሪያ አሳየች፤ ከዚያ አስረዳች። አንድ ዙር ራሷ እናት ሆና ለሁሉም ቃል ሰጠች፤ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ያለ እሷ እርዳታ እንዲጫወቱ ቦታውን ለሌላ ልጅ ለቀቀች። እሷ ተደባቂ ሆነች። አዲሷ ‹እናት› ቃሉን ስትጠራ ሁሉም ወጡ። እሷ አልወጣችም። መጀመሪያ ሳቅን...»

«ቃል ሰጥታት ነበር? አዲሷ እናት?»

«ልትነግራት ስትል እምቢ አለቻት። ‹እኔ ቃል አለኝ፤ አይቀየርም› አለች። እኔ... ትርጉሙ አልገባኝም ነበር።»

 «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ልጆቹን የምታጫውቺው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ጨዋታው እኮ ከእናንተ ቤት ነው የመጣው» አለችኝ፤ አልተቆጣችም፤ ማልቀስ ነበር የቀራት። 

ክፍሉ ገባሁ። የቁንጫ ቦርሳ ወንበሯ ላይ ተንጠልጥሏል። እጄን ሰደድኩ። መድኃኒቷ ውስጡ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። «ቁንጫ! ልጄ! አቤት በይ! እኔ ነኝ፣ እናትሽ ነኝ!» ሽንት ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ አዳራሹን እየዞርኩ ጠራሁ። በስሟ ጠራኋት፣ በቅጽል ስሟ ጠራኋት። «አልቆጣሽም» አልኩ። «ከረሜላ እገዛልሻለሁ» አልኩ፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ‹ና ከረሜላ እንስጥህ።› አሁን እኔ ምንድን ነኝ? ልጄ የሆነ ቦታ ጭጭ ብላ፣ ደረቷ እየተዘጋ፣ የእናቷን ድምፅ እየሰማች አቤት ላለማለት ጥርሷን ነክሳለች። ማንም ቢጠራሽ፣ በማንም ድምፅ ቢጠራሽ። ስትጮሂ መልስ የምታጪ እናት መሆን ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጥሽ ትመርጫለሽ።

ዘበኛው «አዳራሹን ሁለቴ አየሁት የኔ እመቤት፤ መድረኩ ሥር የተሰበረ ወንበር ነው የታጨቀው፤ ድመት አያስገባም» አለኝ። ፀሐይዋ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ወርዳለች።

ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ያን ቀን ግን ከደጅ አልጠራኋትም፤ ገብቼ ፊቷ ቆምኩ።

«ቃሉን ንገሪኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ላቤን አየች፤ ባዶ እግሬን አየች። ከዚያ ከኋላዬ ወደ በሩ ተመለከተች።

«ማን ልኮሽ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማንም አልላከኝም! ልጅቷ ተደብቃ አልወጣ አለች!»

«ማን ይዞሽ ነው የምትጠሪያት?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ! ደጅ ማንም የለም! እናቷ ነኝ እኮ!»

«እሷም እናት ነበረች» አለች እናቴ።

ተንበረከክኩ። መድኃኒቱን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። «እይ። ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ያለዚህ ናት። አቧራ ውስጥ ናት። ስንት ሰዓት እንደሆናት አላውቅም። አንቺ አቤት ባለማለትሽ ተረፍሽ፤ እሷ አቤት ባለማለቷ ትሞትብኛለች። እባክሽ እማዬ፣ አፈር ልብላልሽ።»

መድኃኒቱን ትክ ብላ አየችው። ጣቶቿ ተጠቀለሉበት። «እሱን ቃል ማንም አልጠራውም» አለች። «ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ነው በሦስተኛው ቀን ጎትቶ ያወጣኝ። ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው ነይና አብረን እንጥራው» አልኳት።

ደግፌ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ግቢው ውስጥ ስንገባ መምህሯ ወደ እኛ ልትሮጥ ስትል በእጄ አስቆምኳት። እናቴ ዙሪያዋን ቃኘች። ክፍሎቹን አላየችም፤ ሽንት ቤቱን አላየችም። «ጎተራው የት ነው?» አለች።

«ጎተራ የለም እማዬ።»

«ዕቃ የሚታጨቅበት። ሰው አይገባበትም የሚሉት።»

አዳራሹ ውስጥ ገባን። የእንጨት መድረኩ ሥር፣ ዘበኛው እንዳለው፣ የተሰበሩ ወንበሮች እስከ አፉ ታጭቀዋል። በቀኝ ጥግ በኩል ግን፣ አሮጌው መጋረጃ ከተጠቀለለበት ኋላ፣ ቀዳዳ ነገር አለ። ልጅ ካልሆነ አያስተውለውም። እናቴ አሳየችኝ። ከዚያ ጆሮዬን ሳበችና አፏን አስጠጋች። ትንፋሿ ይሞቃል። ልጅ ሳለሁ እንኳን እንደዚያ ተጠግታኝ አታውቅም። ነገረችኝ።

ይሄ ብቻ? አልኩ በሆዴ። በየቤቱ በየቀኑ የሚባል ነገር! ለዚህ ነው ለካ የእናቴ እናት የመረጠችው። ሰው ቢሰማው ግድ የማይለው፣ ልጅ ሲሰማው ግን ከየትም የሚሮጥለት። እናት ለልጆቿ ስትጮኸው ማንም አይጠረጥራትም።

ዳዴ ብዬ አንገቴን ወደ ቀዳዳው አስገባሁና በሙሉ ድምፄ ጠራሁ።

«ወተቱ ገነፈለ!»

ፀጥ አለ። አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ሌላ ድምፅ የለም።  ደገምኩት፤ ድምፄ ተሰነጠቀ።

«ወተቱ ገነፈለ! ኑ ልጆቼ፣ ወተቱ ገነፈለ!»

«አቤት!» አለ ከኋላዬ።

ዞርኩ። እናቴ ናት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ እጆቿን እንደ ተማሪ በጎኖቿ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፊቷ የሕፃን ፊት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከእናቴ አፍ ልሰማው የተመኘሁት ቃል ነው፤ ለእኔ ግን አልነበረም። «አቤት እማዬ፣ መጣሁ!» አለች ደግማ።

ያኔ ወንበሮቹ ኋላ አንድ ነገር ተንኳኳ። ሳል፣ ከዚያ ያቺ የማውቃት ሲጢጥታ። ትንሽ እጅ ወጣች፤ ጎተትኳት። ከንፈሯ ወይን ጠጅ መስሏል፤ ፀጉሯ በሸረሪት ድር ተሸፍኗል። መምህሯ መድኃኒቱን ከእናቴ መዳፍ ፈልቅቃ አቀበለችኝ። ነፋሁላት፤ ጠበቅን፤ ደግሜ ነፋሁላት። ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጀርባዋን ሳሻት ትንፋሿ ቀስ በቀስ መንገድ አገኘ። ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። ቁንጫ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው ነገር ምን መሰላችሁ?

«አሸነፍኩ?»

ልቆጣት አልቻልኩም፤ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። «ዝም በይ፣ ተንፍሺ» አልኳት።

እናቴ ግን እኛን አልነበረም የምታየው። ቀስ ብላ ጉልበቷን አጥፋ መሬት ተቀመጠች፤ መሬት መቀመጥ ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው አጮለቀች። ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱስ?» አለችኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ትንሽ ነው፤ አልሰማ ይሆናል» አለች። «እስቲ ድገሚው።»

ልጄን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ፣ ደገምኩት።